ቡቃያ ስጠብቅ ሥር፣ ሥር ስጠብቅ ካለስ፦ የኦክሲንና የሳይቶካይኒን ሚዛን ችግርና መፍትሄ

ቲሹ ካልቸር ላይ ኮንታሚኔሽን የለም፣ ሚዲያው ጥሩ ረግቷል፣ ቲሹውም አልሞተም፣ ግን የፈለጋችሁት ነገር አይወጣም። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት የሁለቱን የተክል ሆርሞኖች፣ የኦክሲንና የሳይቶካይኒን፣ ሬሾ ነው፤ ኦክሲኑ በጣም ሲያመዝን ሥር፣ ሳይቶካይኒኑ ከፍ ሲል ቡቃያ፣ መሃል ላይ ሲሆኑ ደሞ ካለስ የሚባለው ቅርጽ የሌለው የሴል ክምችት ይወጣል።

ስኩግና ሚለር በ1957 እ.ኤ.አ. በትምባሆ ግንድ የውስጥ ቲሹ ያሳዩት እስካሁን ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ኦክሲኑ (አይኤኤ) 2 ሚሊግራም በሊትር ላይ ሆኖ ሳይቶካይኒኑ ካይኔቲን 0.02 ሲሆን ሥር ወጣ፣ 0.2 አካባቢ ካለስ ብቻ አደገ፣ ከ0.5 እስከ 1 ሲደርስ ቡቃያ መጣ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ቡቃያ በወጣበት ሚዲያ ላይም በሚሊግራም የሚበልጠው ኦክሲኑ ነው፣ ስለዚህ "ሳይቶካይኒን ከኦክሲን ከበለጠ ቡቃያ" የሚለው አባባል ለሁሉም ቲሹ አይሠራም፣ ድንበሩ እንደ ተክሉና እንደ ሆርሞኑ ዓይነት ይለያያል።

ቡቃያ ይጠበቃል፣ የሚያድገው ግን ካለስ ብቻ ነው

ወይ ሬሾው መሃል ላይ ቀርቷል ወይ የተጠቀማችሁት ኦክሲን 2,4-ዲ ነው፣ እሱ ካለስ ላይ አጥብቆ ይይዛል። 2,4-ዲ ከሆነ ካለሱን ወደ ሌለበት ሚዲያ አዙሩት። ካልሆነ ኦክሲኑን ሳትነኩ ሳይቶካይኒኑን ብቻ በሦስት አራት ደረጃ ከፍ እያደረጋችሁ ሞክሩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ የቱ እንደሠራ አታውቁም። ስቶኩንም ፈትሹ፦ ስቶካችሁ 1 ሚሊግራም በሚሊሊትር ከሆነ 0.02 ሚሊግራም ማለት 20 ማይክሮሊትር ብቻ ነው፣ ፒፔቱ ትንሽ ከሳተ ሬሾው ተበላሸ ማለት ነው። መቶ እጥፍ አቅጥናችሁ 2 ሚሊሊትር ብትወስዱ ይሻላል።

ቡቃያው በደንብ ተባዝቷል፣ ሥር ማውጫ ሚዲያ ላይ ግን ሥር እምቢ አለ

በጣም የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ለምሳሌ ቡቃያውን ቢኤፒ በተባለው ሳይቶካይኒን 2 ሚሊግራም በሊትር ላይ ደጋግማችሁ አባዛችሁት እንበል፣ ከዛ አይቢኤ የተባለ ኦክሲን 1 ሚሊግራም ወዳለበት ሚዲያ አዞራችሁት፣ ሳምንታት አለፉ፣ ከቡቃያው ታች እብጠት መሳይ ካለስ ወጣ፣ ጎን ለጎን ደሞ አዳዲስ ትናንሽ ቡቃያ እየመጣ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው "አይቢኤ ብቻ" ቢሆንም ተክሉ ውስጥ ያለው ሬሾ እንደዛ አይደለም፣ ቢኤፒ ቲሹ ውስጥ ተጠራቅሞ ስለሚቀር (በተለይ ግሉኮስ ተጣብቆበት ሲቀመጥ) ኦክሲኑን ይቃወመዋል። ብዙዎች እዚህ ጋ አይቢኤውን እጥፍ ያደርጉታል፣ የሚያገኙት ግን ሥር ሳይሆን የበለጠ ትልቅ ካለስ ነው።

መፍትሄው ሳይቶካይኒኑ እንዲጠፋ ጊዜ መስጠት ነው። እጅብ ያለውን ለያዩና 2 ሴንቲሜትር ገደማ የሆኑትን ነጠላ ቡቃያዎች ምረጡ፣ ከታች ያለውን ካለስ በንጹህ ምላጭ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ከዛ ምንም ሆርሞን የሌለበት ግማሽ ጥንካሬ ኤምኤስ ሚዲያ ላይ አንድ ዙር አሳልፏቸው። አንዳንዱ ተክል እዛው ላይ ራሱ ሥር ይጀምራል፣ ካልጀመረ በአይቢኤ 0.5 አካባቢ ሞክሩ። ለሚቀጥለው ዙር ደሞ የመጨረሻውን ማባዣ ሚዲያ ቢኤፒውን ቀነስ አድርጉት። ቅጠሉ ብርጭቆ የመሰለና ውሃ የቋጠረ ከሆነ ሳይቶካይኒኑ ቀድሞውኑ በዝቶ ነበር ማለት ነው፣ እንደዛ ያለውን ለሥር አትምረጡት።

ድሮ የሠራ ፎርሙላ አሁን ውጤቱ ተቀየረ

አይኤኤ የምትጠቀሙ ከሆነ ብርሃን ያፈርሰዋል፣ አውቶክሌቭ ውስጥም የተወሰነው ይጠፋል፣ ካይኔቲኑና ቢኤፒው ግን ብዙም አይነኩም። ስለዚህ ቀስ በቀስ ሬሾው በራሱ ወደ ቡቃያ ይሄዳል፣ ሥር ይሰጥ የነበረው ሚዲያ ካለስ መስጠት ይጀምራል። ስቶኩን አዲስ አዘጋጁ፣ በጨለማና በቅዝቃዜ አስቀምጡት፣ ከተቻለ በፊልተር አጥሩና አውቶክሌቭ ከወጣ በኋላ ጨምሩት። ወደ ሌላው ኦክሲን ኤንኤኤ ከቀየራችሁ ደሞ ያንኑ ሚሊግራም አትድገሙት፣ ቲሹ ውስጥ ቶሎ ስለማይፈርስ ያነሰ መጠን ይበቃዋል፣ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ።

ፎርሙላው ሳይቀየር የተወሰደው ቁራጭ ከተቀየረም ውጤቱ ይለያል። ጫፍ ያለው ቡቃያ ኦክሲን ራሱ ሠርቶ ወደ ታች ይልካል፣ ያለ ጫፍ የተቆረጠ ቅጠል ወይም ግንድ ግን ያን ያህል የለውም፣ ስለዚህ አንዱ ላይ የሠራ ቁጥር ሌላው ላይ ላይሠራ ይችላል።