ሁለት ጫፉ የታሰረ ብረት ሲሞቅ፦ ስሌቱ ላይ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ክብ የብረት ዘንግ እንውሰድ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ዲያሜትሩ 25 ሚሊሜትር ነው። ንቅንቅ በማይሉ ሁለት ግድግዳዎች መሃል በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተገጠመ። ከዚያ ሙቀቱ 70 ዲግሪ ደረሰ። ግራ ጫፉ ተበይዷል። ቀኝ ጫፉን አንድ ጊዜ እንበይደዋለን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት እንተውለታለን። እስከ መጨረሻው የምናወራው ስለዚህ አንድ ዘንግ ነው።

የምንፈልጋቸው ቁጥሮች ሁለት ብቻ ናቸው። ብረት በየዲግሪው ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይረዝማል፤ ይህን α እንለዋለን። የግትርነቱ መለኪያ የሆነው የያንግ ሞጁለሱ፣ E፣ ደግሞ ወደ 200,000 ሜጋፓስካል ነው።

“ሞቋል፣ ስለዚህ ስትረስ አለበት” ማለት

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት ይሄ ነው። ዘንጉ ነፃ ሆኖ ቢሞቅ በ50 ዲግሪ 1.2 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ውስጡ ግን ምንም ስትረስ፣ ማለትም ለስፋቱ የተካፈለ ኃይል፣ የለም። በሁለት ጫፉ ሲበየድ ነገሩ ይገለበጣል። ርዝመቱ ቅንጣት አይለወጥም፣ ስትረሱ ግን ከፍተኛ ነው። “ርዝመቱ ካልተለወጠ ስትሬይን የለም፣ ስትሬይን ከሌለ ስትረስም የለም” ብሎ ዜሮ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ስትረስ ከስትሬይን ጋር እኩል ያድጋል የሚለውን የሁክን ሕግ ያውቀዋል። የሳተው ሕጉ የትኛውን ለውጥ እንደሚመለከት ነው።

ለዚህ የምወደው መፍትሔ ቀኝ ግድግዳውን በሐሳብ ማንሳት ነው። ዘንጉ ይርዘም፣ 1.2 ሚሊሜትሩን ይውጣ። አሁን ግድግዳውን መልሱና ዘንጉን ወደ ቦታው ግፉት። ስትረስ የሚወልደው ይሄ መልሶ መግፋት ብቻ ነው። 1.2ን ለ2000 አካፍሎ በ200,000 ማባዛት 120 ሜጋፓስካል ጭመቃ ይሰጣል። ስትረሱን σ፣ የሙቀቱን ለውጥ ΔT ብንል፣ ቀመሩም ይሄንኑ ነው የሚለው፦

σ = EαΔT

በሌላ አባባል፣ ሙሉ ለሙሉ የታሰረ ብረት በየአንዳንዱ ዲግሪ 2.4 ሜጋፓስካል ይጨምራል። ይህችን ቁጥር ያዟት፣ ትጠቅመናለች።

ክፍተቱን ሳይፈትሹ ቀመሩ ላይ መዝለል

አሁን የግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት አለ። ገሚሱ ሰው ክፍተቱን ረስቶ 120 ይላል። ገሚሱ “ክፍተት ስላለው ችግር የለም” ብሎ ዜሮ ይላል። ሁለቱም አልሆነም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ዘንጉ ግድግዳው ጋ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። ነፃ መርዘሙ 1.2 ነው፣ ክፍተቱ 0.5። ስለዚህ ይደርሳል፤ 0.7 ሚሊሜትር ደግሞ ይታገድበታል። መልሰን የምንገፋው እሱን ብቻ ነው፤ L ርዝመቱ፣ g ክፍተቱ ሲሆን፦

σ = E(αΔTL − g)/L

ውጤቱ 70 ሜጋፓስካል ነው። በሌላ መንገድ እናረጋግጠው። ክፍተቱ የሚዘጋው ሙቀቱ 20.8 ዲግሪ ሲጨምር ነው። እስከዚያ ድረስ ስትረስ የለም። የቀረው 29.2 ዲግሪ በ2.4 ሲባዛ ያው 70 ይመጣል። ሁለቱ መንገዶች ካልተገናኙ የሆነ ቦታ ሚሊሜትርና ሜትር ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ክፍተቱ 2 ሚሊሜትር ቢሆንስ? ቀመሩ ውስጥ ዝም ብሎ ያስገባ ሰው 80 ሜጋፓስካል የመሳብ ስትረስ ያገኛል። ግን ማን ሳበው? ግድግዳው ዘንጉን አልነካውም። ቅነሳው ከዜሮ በታች ሲሆን መልሱ ዜሮ ነው፣ በቃ። ሲቀዘቅዝም እንደዚሁ ነው። የተበየደው ዘንግ በ30 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 72 ሜጋፓስካል ይሳባል። ክፍተት ያለው ግን ይሸሻል እንጂ አይሳብም፤ ክፍተቱ ወደ 1.22 ሚሊሜትር ይሰፋል።

“ወፍራም ብረት እናድርግበት” የሚለው መፍትሔ

ለተንጠለጠለ ክብደት ወፍራም ብረት ጥሩ ነው። እዚህ ግን አይሠራም። ቀመሩን እዩት፣ ስፋት የሚባል ነገር ውስጡ የለም። ዲያሜትሩን 50 ሚሊሜትር ብናደርገው ስትረሱ ያው 120 ነው። የሚለወጠው ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ኃይል ነው። በ25 ሚሊሜትሩ 59 ኪሎኒውተን ነበር፣ የ6 ቶን ክብደት ያህል። በ50ው አራት እጥፍ ሆኖ 236 ይደርሳል። ብረቱን ያጠናከርን መስሎን ግድግዳውን አስጨነቅነው።

ርዝመት ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ክፍተት ከሌለ ርዝመት ለውጥ አያመጣም። ክፍተት ካለ ግን ያመጣል። ያችው ግማሽ ሚሊሜትር ለ4 ሜትር ዘንግ ብትተው ስትረሱ 70 ሳይሆን 95 ይሆናል። ከአጭር ዘንግ ላይ የተወሰደ ክፍተት ለረጅሙ አይበቃም።

ብረቱ እንደሚጎብጥ መርሳት

ብዙው ሰው 120ን ካገኘ በኋላ 250 ሜጋፓስካል ላይ ከሚፈስ፣ ማለትም ቅርጹ ላይመለስ መለወጥ ከሚጀምር የተለመደ ብረት ጋር ያነጻጽረውና “ይችለዋል” ብሎ ይዘጋል። እኔ ደግሞ እዚህ ጋ ቆም እንድትሉ እፈልጋለሁ። ይሄ ዘንግ ቀጭንና ረጅም ነው፣ የተጫነውም በጭመቃ ነው። እንዲህ ያለ ዘንግ ከመፍሰሱ በፊት ይጎብጣል።

የኦይለርን ቀመር ሁለት ጫፉ ለተበየደው ብንጠቀም የመጉበጫው ስትረስ 77 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። በየዲግሪው 2.4 እየጨመርን ስንሄድ 32 ዲግሪ ጭማሪ ላይ እንደርስበታለን። ማለትም ዘንጉ 52 ዲግሪ ሲሞላ መጉበጥ ይጀምራል። ያ 120 የተባለው ቁጥር ወረቀት ላይ ቀረ።

ክፍተት ያለውስ? 70 ከ77 ያንሳልና ደህና ነው ለማለት ያጓጓል። ግን ቀኝ ጫፉ ግድግዳውን ነካ እንጂ አልተበየደም፤ መዞር ይችላል። ለጥንቃቄ እንደ ማጠፊያ ጫፍ ስንቆጥረው የመጉበጫው ስትረስ ወደ 39 ይወርዳል። ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ 16 ዲግሪ ብቻ ይበቃል። ይሄ ደግሞ 57 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያ ክፍተት የገዛልን 5 ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው! የጎበጠ ዘንግ ዓይን ላይ ይታወቃል። ጫፉ ላይ ዓይናችሁን አድርጋችሁ በርዝመቱ ስታዩት መሃሉ ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል፣ ሲቀዘቅዝም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ጠዋት የፈተሸው ሰው ምንም ሳያይ የሚሄደው ለዚህ ነው።

የተገጠመበትን ሙቀት አለመመዝገብ

ΔT ከዜሮ አይቆጠርም፣ 273ም አይደመርበትም። የሚቆጠረው ከተገጠመበት ሙቀት ነው። የእኛ ዘንግ እስከ 70 ዲግሪ ግድግዳውን እንዳይነካ፣ በ20 ዲግሪ ሲገጠም ቢያንስ 1.2 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ብርድ በሆነ ጠዋት በ5 ዲግሪ ከተገጠመ 1.56 ያስፈልገዋል። በ35 ዲግሪ ከሆነ 0.84 ይበቃዋል። ሥዕሉ ላይ “ክፍተት 1.2” ብቻ ተጽፎ ሙቀቱ ካልተጻፈ ገጣሚው ሊያውቅ አይችልም።

አንድ ጊዜ ሥዕሉ ላይ ክፍተት ያለው፣ ቦታው ላይ ግን የጎበጠ ዘንግ አየሁ። ስሌቱ ልክ ነበር። ፊለር ጌጅ የሚባለውን ስስ የክፍተት መለኪያ ወደ ክፍተቱ ስናስገባ አልገባም፣ ግድግዳው ሲለሰን የተረፈ ሲሚንቶ ሞልቶት ደርቋል። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ተለስኖ ካለቀ በኋላ ክፍተቱን እንደገና እለካለሁ፣ የዘንጉንም ሙቀት አጠገቡ እጽፋለሁ።