የጥያቄ ደረጃ በኢኮኖሚክስ መግቢያ ክፍል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኢኮኖሚክስ መግቢያ የሚያስተምር ሰው ጥያቄዎቹን ከማስታወስ ወደ መተንተን፣ ከመተንተን ወደ መፍጠር ከፍ እያደረገ እንዲያዘጋጅ ይጠበቅበታል። ወረቀቱ ላይ ደረጃው አለ። ክፍል ሲገባ ግን ተማሪው ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው የሚሠራው ያንኑ ሥራ ሆኖ ይገኛል፤ የሸመደደውን መልሶ መስጠት። ይህ የሚሆንባቸውን ምክንያቶች በአንድ ርዕስ ብቻ፣ በዋጋ ጣሪያ ትምህርት እንያቸው። አራት ኪሎ ማታ የታክሲ ሰልፍ ይዞ የሚያውቅ ተማሪ ግማሹን ትምህርት በእግሩ ቆሞ ተምሮታል።

ደረጃውን በትእዛዙ ቃል መለካት

«የዋጋ ጣሪያ ከሚዛናዊ ዋጋ በታች ሲሆን እጥረት የሚፈጠረው ለምን እንደሆነ ተንትን» የሚል ጥያቄ የትንተና ይመስላል። መልሱ ግን ሃንድአውቱ ላይ በሦስት መስመር ተጽፏል። ያንን ያጠና ተማሪ የሚያደርገው ማስታወስ ብቻ ነው፤ ትእዛዙ «ተንትን» ስላለ ሥራው አይለወጥም። ደረጃውን የሚወስነው ተማሪው ቀድሞ በሰማውና አሁን በተጠየቀው መካከል ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ለማወቅ ሃንድአውቱን በቃሉ የያዘ፣ ነገር ግን ምንም ያልገባው ተማሪ ያስቡ። እሱ ሙሉ ማርክ የሚያገኝ ከሆነ ጥያቄው ታች ነው ያለው።

በዚሁ ምክንያት አምና የትንተና የነበረ ጥያቄ ዘንድሮ የማስታወስ ሊሆን ይችላል። የድሮ ፈተና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ይሸጣል።

ከባድ ሒሳብን ከፍ ያለ ደረጃ አድርጎ ማየት

ቁጥሮቹን በነጥብ የተሞሉ ማድረግ ጥያቄውን አስቸጋሪ ያደርገው ይሆናል እንጂ ከፍ አያደርገውም። ተማሪው የሚከተለው መንገድ ያው ነው። እንዲያውም ጉልበቱ በማካፈል ስለሚያልቅ ስለ ገበያው ለማሰብ ጊዜ አያገኝም። ቁጥሩ ሲቀል ነው ሐሳቡን ማክበድ የሚቻለው።

እያንዳንዱን ደረጃ ከሌላ ርዕስ መውሰድ

ብዙ ጊዜ የማስታወሱ ጥያቄ ስለ አማራጭ ዋጋ፣ የትንተናው ስለ ፍላጎት መለጠጥ፣ የፈጠራው ደግሞ ስለ ዋጋ ንረት ይሆናል። እንዲህ ሲሆን የታችኛው መልስ ለላይኛው ምንም አይጠቅምም። ተማሪው ላይኛው ላይ ሲወድቅ ትንተናው ከብዶት ይሁን ርዕሱን ሳያውቀው ቀርቶ መለየት አይቻልም። ሁሉንም ደረጃዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ማቆም ይሻላል።

ለምሳሌ የሚኒባስ ታክሲ ታሪፍ በመንግሥት የሚወሰን ነው። ከአራት ኪሎ መገናኛ የሚሄደውን መስመር እንውሰድና ለክፍል ሥራ ብቻ በተፈጠሩ ቁጥሮች በማታ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያለውን ገበያ እንዲህ እንጻፈው፦

```
Qd = 900 − 30P
Qs = 30P
```

ማስታወስ፦ የዋጋ ጣሪያ ምንድን ነው? ይህን በአንድ ደቂቃ አልፈን ወደ ሥራው እንግባ። ሚዛናዊ ዋጋው 15 ብር፣ ተሳፋሪውም 450 ነው። ታሪፉ 10 ብር ላይ ቢወሰን 600 ሰው መሳፈር ይፈልጋል፤ የሚቀርበው ግን 300 ወንበር ነው። 300 ሰው ቆሞ ይቀራል።

ቀጥሎ ብዙ መምህር የሚዘለው አጭር ጥያቄ ይመጣል፦ ታሪፉ 18 ብር ቢሆንስ? ቀመሩን በጭፍን የሚያስገባ ተማሪ 540 አቅርቦትና 360 ፍላጎት አግኝቶ «180 ወንበር ይተርፋል» ብሎ ይጽፋል። ጣሪያ ከላይ እንጂ ከታች እንደማይከለክል የገባው ግን ዋጋው 15 ላይ እንደሚቆይና ምንም እንደማይለወጥ ያያል። የሸመደደውንና የገባውን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ርካሽ ጥያቄ አላውቅም።

ከዚያ ነው ትንተናው የሚጀምረው። 300 ወንበር ብቻ ካለ፣ የመጨረሻውን ወንበር የሚይዘው ሰው እስከ ስንት ሊከፍል ፈቃደኛ ነው? ከፍላጎቱ ቀመር 20 ብር ይወጣል። የሚከፍለው ግን 10 ነው። ቀሪው 10 ብር የት ሄደ? እዚህ ላይ ክፍሉ ዝም ይላል፤ መምህሩም ለመመለስ ይቸኩላል። ይቆይ። ከኋላ ወንበር አንዱ «በሰልፍ» ማለቱ አይቀርም። ሰልፉ የቆመበት ጊዜ የ10 ብር ያህል እስኪሆን ድረስ ይረዝማል፤ ስለዚህ ወረፋ ይዞ የሚሳፈረው ሰው በገንዘብና በጊዜ አንድ ላይ 20 ብር ከፍሏል ማለት ነው፤ ጣሪያ ባይኖር ከሚከፍለው 15 በላይ።

አሁን ሹፌሩ መንገዱን እንግሊዝ ኤምባሲ አካባቢ አቆራርጦ ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ብር ቢያስከፍልስ? ተሳፋሪው የሚያወጣው ያው 20 ነው። ልዩነቱ በሰልፍ የጠፋው 10 ብር ለማንም አልደረሰም፤ በማቆራረጥ የተወሰደው ግን ሹፌሩ ኪስ ገብቷል፣ ስለዚህ ሌላ ታክሲ ወደ መስመሩ ሊስብ ይችላል። ይህን ልዩነት ራሱ ያወጣ ተማሪ ተንትኗል። የትኛውም ሃንድአውት ላይ አላገኘውም።

የፈጠራውን ጥያቄ ልቅ አድርጎ መተው

«ለታክሲ ችግር መፍትሔ አቅርብ» ሲባል የሚመጣው «መንግሥት ትኩረት ይስጥ» የሚል ድርሰት ነው። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ ማሰሪያ የሌለው ጥያቄ ሞዴሉን እንዲጠቀም አያስገድደውም። ገደብ ይስጡት፦ «ታሪፉ 10 ብር ሆኖ ይቀጥላል። በሰዓት ከ2,250 ብር በላይ ድጎማ ማውጣት አይቻልም። አንድ አሠራር ንደፍ፤ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ በቁጥር አሳይ።»

አብዛኛው ቡድን ለሹፌሩ በተሳፋሪ 5 ብር መደጎምን ይመርጣል። ሹፌሩ 15 ብር ስለሚደርሰው 450 ወንበር ይቀርባል፤ 450 በ5 ሲባዛ በትክክል 2,250 ነው። ሒሳቡ ስለገጠመ ደስ ይላቸዋል። ጠንቃቃው ቡድን ግን የቀድሞውን ጥያቄ እዚህም ይጠይቃል፦ 450ኛው ተሳፋሪ 15 ብር ሊከፍል ፈቃደኛ ነው፣ ታሪፉ ደግሞ 10፤ 150 ሰው አሁንም ይቀራል። የሁሉም ሰው ጊዜ እኩል ዋጋ አለው ካልን ሰልፉ 5 ብር የሚያወጣ ጊዜ ይበላል። ተሳፋሪው እንደገና 15 ከፈለ፤ ድጎማው በሰልፍ ቀለጠ። ሌላው ቡድን ተነስቶ የተማሪና የቢሮ ሠራተኛ ጊዜ እኩል ዋጋ እንደሌለው፣ መቆም የማይከብደው እንደሚጠቀም ቢከራከር ደግሞ ልክ ነው።

ማርኩም ይህንኑ ይከተል። ከ10፣ ገደቡን ላከበረ 2፣ ቁጥሩን በትክክል ላወጣ 3፣ የራሱ አሠራር የት ላይ እንደሚሰበር ላሳየ 5። ለሥዕሉ ውበት የተለየ ማርክ አያስፈልግም።

የላይኛውን ደረጃ ለመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ማስቀረት

የ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ላይ ትርጉምና ሥዕል 35ቱን ከወሰዱ ፈጠራው የቤት ሥራ ይሆናል፤ የቤት ሥራው ደግሞ ከአንድ ጎበዝ ልጅ ደብተር ይገለበጣል። ትርጉሙን ቀድመው እንዲያነቡ ይስጡና 10 ደቂቃ ለስሌቱ፣ 20 ለሰልፉና ለማቆራረጡ፣ ቀሪውን ለንድፉ ያውሉት። ሰዓቱ ካልበቃ የሚቀነሰው ከስሌቱ ነው፤ ያንን ተማሪው ቤቱ ብቻውን ሊሠራው ይችላል።