ስቶኩ ለምን ይዋሻል? ያለ ኮድ የተሠራ አፕ ሲያረጅ የሚመጡ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ዘመዴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። መሸጫው ሁለት ነው፣ አንዱ ፒያሳ አንዱ አቶቴ፤ መጋዘኑ ግን አንድ። በአፕሺትና በጉግል ሺት የስቶክ አፕ ሠራሁለት። አንድ መስመር ኮድ አልጻፍኩም፣ የፈጀብኝም ሁለት ቅዳሜ ነው። ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። እንዲህ ዓይነት አፕ የሠሩ ልጆች የሚጠይቁኝም ይህንኑ ስለሆነ፣ በመጣበት ተራ ልንገራችሁ።

መጋዘን ውስጥ 7 ጋሎን ቀለም አለ፣ አፑ 10 ይላል። ሌባ አለ?

የለም። እኛ ግን ልጁን ጠርጥረነው ነበር፣ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ቀሪው 12 ነበር። ኔትወርክ ጠፋ። የፒያሳው ልጅ 3 ሸጠና ስልኩ ላይ 12 ስላለ 9 ብሎ ያዘ። የአቶቴዋ ልጅ 2 ሸጠች፣ የእሷም ስልክ 12 ስለሚል 10 ብሎ ያዘ። ኔትወርክ ሲመጣ የእሱ ቀድሞ ገባና ሺቱ 9 ሆነ፣ የእሷ ተከተለና በላዩ ላይ 10 ጻፈበት። አፕሺት ሁለቱን አያስታርቅም፤ መጨረሻ የደረሰው ያሸንፋል።

መፍትሄው ቀሪን ጭራሽ አለመጻፍ ነው። `Moves` የሚባል ሌላ ሺት ክፈቱ፣ እያንዳንዱ ሽያጭ አዲስ ረድፍ ይሁን፦ የወጣ -3፣ የወጣ -2፣ የገባ +20። አዲስ ረድፍ የሌላውን አያጠፋም። `Moves` ላይ የትኛው ዕቃ እንደሆነ የሚያሳይ፣ የዕቃ ዝርዝሩ ወዳለበት `Items` ሺት የሚያመለክት የ`Ref` አምድ ይኑር፣ `Related Moves` የሚመጣው ከእሱ ነው። ቀሪውን አፑ ራሱ ያስላው፣ `Items` ላይ በቨርቹዋል ኮለም፦

```
[Opening] + SUM([Related Moves][Qty])
```

`Opening` መጀመሪያ በእጅ የቆጠራችሁት ነው።

ሺቱን በቀን ደረደርኩት፣ የአንዱ ሽያጭ ሌላው ላይ ሄዶ ተለጠፈ።

ኪ፣ ማለትም የረድፉ መለያ ያደረጋችሁት `_RowNumber` ስለሆነ ነው። ረድፍ ስትደረድሩ ወይም ስትሰርዙ ቁጥሩ ወደ ሌላ ዕቃ ይዞራል። `ID` የሚል አምድ ጨምሩና `Initial value` ላይ `UNIQUEID()` ጻፉ፣ ኪውም እሱ ይሁን። ይህ የሚሠራው ከአፑ ለሚገባ አዲስ ረድፍ ብቻ ነው። ለድሮዎቹ የማይደጋገም መለያ ራሳችሁ ሙሉላቸው።

ስድስት ወር በደንብ ሠራ፣ አሁን ሲንክ ሲያደርግ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል።

የእኛም እንዲሁ ሆነ። ልጁ ደንበኛ ፊት ቆሞ ስልኩን እያሳየ «ይሄ ነገር እየዞረ ነው» ይለኛል። በቀን 50 ገደማ ሽያጭ አለ፣ በስድስት ወር 9,000 ረድፍ ደረሰ። 400 ዕቃ አለን። ቨርቹዋል ኮለሙ በየሲንኩ ለ400ውም ዕቃ ከ9,000 ረድፍ የየራሱን እየለቀመ እንደ አዲስ ይደምራል። ነገሩ ከኔትወርክ ነው ከስሌት የሚለውን ለመለየት `Monitor` ውስጥ `Performance Profile` ክፈቱ፣ ጊዜውን የቱ እንደበላው ይታያል።

እኔ ግን መጀመሪያ ሳላየው ስላይስ ሠራሁ። ምንም ለውጥ የለም። ስላይስ የሚያጣራው ዳታው ሁሉ ስልክ ላይ ከወረደ በኋላ ነው።

ቀጥሎ `Moves` ላይ ሴኩሪቲ ፊልተር አደረግሁ፦

```
[Date] >= TODAY() - 30
```

ሲንኩ ወዲያው ቀለለ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ቀለሙ -14 ይላል። ፊልተሩ የከለከለውን ረድፍ ፎርሙላውም አያየውም፤ ከ30 ቀን በፊት የገባው ጋሎን ሁሉ ከድምሩ ወጥቷል፣ የቅርቡ ሽያጭ ግን አለ። ይህ ስህተት መልእክት አያወጣም፣ ዝም ብሎ ይዋሻል። አንዳንዱ ዕቃ ላይ ደግሞ ኔጌቲቭ ሳይሆን ልክ የሚመስል ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ፣ እሱ ይብሳል።

ታዲያ ምን አደረግህ?

ነጋዴ በደብተር የሚያደርገውን፦ ወር መዝጋት። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ሁለቱም ስልኮች ሲንክ ያደርጋሉ። የእያንዳንዱን ዕቃ ቀሪ `Opening` ላይ በቁጥር አሰፍራለሁ፣ የተደመሩትን ረድፎች ቆርጬ `Archive` ወደሚል፣ አፑ ውስጥ ወዳልገባ ሺት እወስዳለሁ። ቀለሙ ቀሪው 7 ከሆነ `Opening` 7፣ `Moves` ባዶ፣ ድምሩ ያው 7። ሲንክ ያላደረገ ስልክ ተረስቶ ነገ ቢልክም ረድፉ `Moves` ላይ ያርፋል፣ ይቆጠራልም። ፊልተሩንም አነሳሁት፣ በቀን ቢጣራ ኖሮ ያ የዘገየው ረድፍ ይጠፋ ነበር። ረድፍ የምትቆርጡት ግን ኪው ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ነው።

ሱቁ አራት ቅርንጫፍ ቢሆንስ?

ያኔ ሺቱን ትቶ እውነተኛ ዳታቤዝ ማሰብ ነው። ጉግል ሺት ላይ ፊልተር ብታደርጉም ሰርቨሩ መጀመሪያ ሺቱን ሙሉ ያነባል፤ ኤስኪውኤል ዳታቤዝ ግን የሚፈለገውን ብቻ መርጦ ይሰጣል። ከአፕሺት ጭራሽ መውጣት ከፈለጋችሁ ዳታው የእናንተ ነው፣ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ፎርሙላውና ስክሪኑ ግን ኮድ ሆኖ አይወጣም፣ ለፕሮግራመር የምትሰጡት ነገር የለም። ስለዚህ እኔ እያንዳንዱን ፎርሙላ ለምን እንደጻፍኩት በአማርኛ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ደብተሩ ፒያሳው ሱቅ፣ መሳቢያው ውስጥ ነው።