ሲስተሙ ብቻውን የሚጨርሰውና ሰው የሚጠብቀው፦ የተለመዱ ስህተቶች

የኦንላይን ሱቅ ያለው ሰው «ገንዘቤ ይመለስልኝ» የሚለው ጥያቄ ሲበዛበት ሥራውን ለሲስተም ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ደንቡ አንድ ነው፦ ከ1,000 ብር በታች ከሆነ ራሱ ይመልስ፣ ከበለጠ ሰው ይየው። ለመነሻ አይከፋም። ጣጣው እዚያው ላይ ሲቆም ነው።

በብር መጠን ብቻ መለየት። ወረፋው ውስጥ «ገንዘቤ በዚህ አዲስ ስልክ ቁጥር ይግባልኝ» የሚልም አለ። የሚወጣ ብር ስለሌለው ሲስተሙ ወዲያው ያሳልፈዋል። የደንበኛውን ፓስዎርድ የሰረቀ ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን ያስቀይራል፣ ቀጥሎ የ4,000 ብር ተመላሽ ይጠይቃል። ሠራተኛዋ ታያለች፤ ዕቃው በእርግጥ ተመልሷል፣ ሒሳቡም ልክ ነው። ታጸድቃለች። ብሩ ሌባው ጋ ገባ። እንግዲህ አብሮ መጠየቅ ያለበት «ስህተት ቢሆን ማስመለስ ይቻላል?» የሚለው ነው። ከሱቁ ብቻ የሚገዛበት ክሬዲት ነገ ሊሰረዝ ስለሚችል ሲስተሙ ብቻውን ይስጥ። የመቀበያ ቁጥር ለውጥ ግን በቀድሞው ቁጥር ተደውሎ ይረጋገጥ። «የድሮው ስልኬ ጠፍቷል» የሚል ከመጣ ደግሞ ጭራሽ በሲስተም አይለፍ።

ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ብቻ ማየት። የ900 ብር ጥያቄ ያልፋል። አንዱ ደንበኛ በአንድ ቀን ስድስት ቢያቀርብስ? 5,400 ብር ማንም ሳያየው ወጣ። ጣሪያው በደንበኛ፣ በቀን ተደምሮ ይሥራ። ሲስተሙም ለራሱ የቀን ጣሪያ ይኑረው፤ ሲሞላ ቆሞ ሰው ይጥራ። ኮዱ ራሱ ሲበላሽ የሚያድናችሁ ይሄኛው ነው።

የጸደቀው ሌላ፣ የሚከፈለው ሌላ። ሠራተኛዋ ሦስት ሰዓት ላይ 3,200 ብር አጸደቀች። ደንበኛው ሦስት ተኩል ላይ ሌላ ዕቃ ጨምሮ ጥያቄውን 8,200 አደረሰው። አራት ሰዓት ላይ ሲስተሙ «ጸድቋል» የሚለውን ብቻ አይቶ ከፈለ። ማጽደቂያው ከጥያቄው ቁጥር ጋር ብቻ ሳይሆን ከብሩና ከመቀበያው ጋር ይታሰር። አንዱ ከተነካ ጥያቄው ወደ ወረፋው ይመለስ።

ዝምታን እንደ መልስ መቁጠር። «በ24 ሰዓት መልስ ካልመጣ ይለፍ» የሚል ደንብ የበዓል ሰሞን ሁሉንም ያሳልፋል። ሰዓቱ ሲያልፍ ጥያቄው ወደ ሌላ ሠራተኛ ይዙር እንጂ አይጽደቅ። የባንክ ዝምታም ያው ነው። መልስ አልመጣም ማለት አልተከፈለም ማለት አይደለም፤ ክፍያውን በአዲስ የክፍያ መለያ ቁጥር እንደገና የላከ ሲስተም ሁለቴ ይከፍላል። መጀመሪያ የክፍያውን ሁኔታ ይጠይቅ፣ መድገም ካለበትም በዚያው መለያ ቁጥር ይሁን።

ፈርቶ ሁሉንም ለሰው መላክ። ሠራተኛዋ በቀን 200 ጥያቄ ከደረሳት ማየቱን ትታ «እሺ»ን መጫን ትጀምራለች። ምልክቱ ሪፖርቱ ላይ አለ፦ እያንዳንዱ በሁለት ሰከንድ ያልፋል፣ ውድቅ የሆነ የለም። ለወራት አንድም ውድቅ ያልሆነበት፣ ቢሳሳትም የሚመለስ ዓይነት ጥያቄ ካለ፣ እሱን ለሲስተሙ ልቀቁት።