ኪም ሁሉ ዘመድ አይደለም፦ የኮሪያን የቤተሰብ ስሞች ስንመለከት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ደቡብ ኮሪያ በ2015 ሕዝቧን ስትቆጥር ኪም የሚባል የቤተሰብ ስም ያላቸው ሰዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነው ተገኙ። ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ሊ እና ፓርክ ሲጨመሩ ሦስቱ ስሞች ብቻ ከሕዝቡ 45 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ይህን የሰማ ሰው ምክንያቱን ለመገመት አይቸገርም፤ ግምቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም።

አንደኛው ስህተት፦ «አንድ ስም ካላቸው አንድ ዘር ናቸው» ማለት

በኮሪያ የቤተሰብ ስም ብቻውን ዘርን አይናገርም። ዘርን የሚለየው ስሙ ከቦንግዋን ጋር ሲጣመር ነው። ቦንግዋን የነገዱ የመጀመሪያ አባት መነሻ ነው ተብሎ የሚታመነው ቦታ ነው። የጊምሄ ኪም እና የግዮንግጁ ኪም ስማቸው አንድ ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ነገዶች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ የጋያ መንግሥት መሥራች ከሚባለው ከንጉሥ ሱሮ፣ ሁለተኛዎቹ ደግሞ ሲላ በሚባለው ሌላ የጥንት መንግሥት ከኖረው ከኪም አልጂ እንወርዳለን ይላሉ። ለረጅም ዘመን በፖለቲካ የተፎካከሩትና ሁለቱም ፕሬዚዳንት የሆኑት ኪም ዴ ጁንግ እና ኪም ዮንግ ሳም እንኳ የአንድ ነገድ ልጆች አልነበሩም። አንዱ የጊምሄ፣ ሌላው የጊምኒዮንግ ኪም ነበሩ።

ልዩነቱ በትዳር ላይ ከባድ ውጤት ነበረው። የአገሪቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስማቸውም ቦንግዋናቸውም አንድ የሆኑ ሰዎች እንዳይጋቡ ይከለክል ነበር። እኛ ዘንድ ዝምድና ሲቆጠር ሰባት ቤት ላይ ይቆማል፤ የኮሪያው ሕግ ግን የትውልድ ወሰን አልነበረውም። የጊምሄ ኪም ዛሬ ከ4 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስለዚህ የጊምሄ ኪም የሆነች ወጣት ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት እንኳ የጋራ አያት ላይኖራት ከሚችል ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ጋር ትዳሯን ማስመዝገብ አትችልም ነበር። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ክልከላውን ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጣጣምም ያለው በ1997 ሲሆን ሕጉ የተሻሻለው ደግሞ በ2005 ነው። በስም የተነሳ ስንት ፍቅር ተፈትኖ እንዳለፈ ሳስብ ልቤ ያዝናል።

ሁለተኛው ስህተት፦ «ንጉሦቹ ብዙ ልጅ ስለወለዱ ነው» ማለት

ይህ ከሁሉም ይበልጥ የተስፋፋው ስህተት ነው፤ ሊያሳምንም ይችላል። ኪም፣ ሊ እና ፓርክ የነገሥታት ስሞች መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ስሙን ያበዛው ልጅ መውለድ ብቻ ቢሆን ኖሮ መዝገቡ የሚነግረን ሌላ ነገር በሆነ ነበር።

በጆሰን መንግሥት ዘመን (1392–1910) መኳንንቱ ያንግባን፣ ባሮቹ ኖቢ ይባሉ ነበር። የቤተሰብ ስም ያልነበራቸው ባሮች ብዙ ነበሩ። ከዴጉ አካባቢ የተረፈው የቤተሰቦች መዝገብ እንደሚያሳየው በ1690 ከ100 ቤተሰብ 9 ያህሉ ያንግባን፣ 37 ያህሉ ኖቢ ነበሩ። በ1858 ግን ያንግባኖቹ 70 ያህል ደርሰው ኖቢዎቹ ወደ 2 ወርደዋል። በ168 ዓመት ውስጥ በወሊድ ብቻ እንዲህ ያለ ለውጥ ሊመጣ አይችልም። የተለወጠው የሰዎቹ ማዕረግ ነው።

ጉዳዩ የጀመረው በችግር ነው። ከ1592 እስከ 1598 የጃፓን ጦር አገሪቱን ካወደመ በኋላ ባዶ የቀረው ግምጃ ቤት የተቀባዩ ስም ያልተጻፈበት የሹመት ወረቀት በእህል መሸጥ ጀመረ። እህል ያቀረበ ሰው ስሙን በባዶው ቦታ ላይ ያስጽፋል። ቀጥሎ መኳንንት ለመምሰል ጆክቦ፣ ማለትም የታተመ የዘር ሐረግ መጽሐፍ ያስፈልጋል። ገንዘብ ያለው ሰው መጽሐፉ እንደገና በሚታተምበት ጊዜ ከፍሎ ስሙን ዘር አልባ ሆኖ ከሞተ ሰው ሥር ያስገባል፤ ወይም ሐሰተኛ ጆክቦ ያሠራል። ጥቅሙ ክብር ብቻ አልነበረም። ተራው ገበሬ በውትድርና ፋንታ በየዓመቱ የጨርቅ ግብር ይከፍላል፤ ያንግባን ግን አይከፍልም።

እንግዲህ ከፍሎ ወደ ሌላ ሰው ዘር የሚገባ ሰው የማይታወቅ ትንሽ ነገድ አይመርጥም። ስመ ጥር የሆነውን፣ ደግሞም ሰፊ በመሆኑ አዲስ ገቢ የማይለይበትን ይመርጣል። ትልቁ ነገድ ይበልጥ ትልቅ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ስህተት፦ «ስም የያዙት ዘግይተው ስለሆነ ነው» ብሎ ማቆም

በ1894 ባርነት በሕግ ቀረ፤ በ1909 ደግሞ እያንዳንዱ ሰው በስሙ እንዲመዘገብ ታዘዘ። በአንድ የጊምሄ ኪም ባለ ርስት መንደር የሚኖር፣ ነፃ የወጣ አንድ አባወራ እናስብ። ጸሐፊው «የቤተሰብ ስምህ ማን ነው?» ይለዋል። የለውም። አዲስ ስም ቢፈጥር ሥር የሌለው መሆኑን በገዛ አፉ መሰከረ ማለት ነው፤ የቀድሞ ጌታውን ወይም የመንደሩን ትልቅ ስም ቢይዝ ግን ልጆቹን ማንም «ከየት መጣችሁ?» አይላቸውም። ኪም ብሎ ይመዘገባል። እንዲህ ያደረጉት ብዙዎች ነበሩ።

አሁን ጃፓንን እንመልከት። እዚያም ተራው ሕዝብ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ የተገደደው ዘግይቶ፣ በ1875 ነው። ሆኖም ዛሬ ጃፓን ከ100,000 በላይ የቤተሰብ ስሞች እንዳሏት ይነገራል፤ ዋነኛው ሳቶ እንኳ ከሕዝቡ ከ2 በመቶ በታች ነው። ጃፓናዊው ገበሬ ታናካ (የሩዝ ማሳ መሐል) ወይም ያማሞቶ (የተራራ ግርጌ) ብሎ ከሚኖርበት ቦታ ስም ቢያወጣ አያፍርም ነበር። ሁለቱም አገሮች ዘግይተዋል፤ ውጤቱን የለየው ስሙ የሚሸከመው ትርጉም ነው። በኮሪያ ስም ማለት የትልቅ ዘር አባልነት ነበር።

አራተኛው ስህተት፦ በላቲን ፊደል የተጻፈውን መቁጠር

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ እና የሳምሰንግ መሥራች ሊ ብዮንግ ቹል በኮሪያ ፊደል የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው። ሪ፣ ሊ፣ ዪ የሚሉት ልዩነቶች በውጭ ፊደል ሲጻፍ የመጡ ናቸው። ቦንግዋናቸው ግን ይለያል፤ አንዱ የጆንጁ፣ ሌላው የግዮንግጁ ነገድ ነበሩ።

አምስተኛው ስህተት፦ የእኛን የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ማየት

በአገራችን ተስፋዬ ወይም በቀለ የሚለው የአባት ስም ስለበዛ «የእኛ ኪም ነው» የሚሉ አጋጥመውኛል። አይደለም፤ የአባት ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ይለወጣልና በአንድ ቤት ሥር አይከማችም። የሚከማቸው ሲረጋ ብቻ ነው። በዴንማርክ የሆነው ይህ ነው። እዚያም ሰው በአባቱ ስም ይጠራ ነበር፤ የየንስ ልጅ የንሰን ይባላል። በ1828 የቤተሰብ ስም ቋሚ እንዲሆን ሲታዘዝ የአባት ስሞቹ ቀስ በቀስ በያሉበት ረጉ፤ አባቱ የንስ ያልሆነ ሰው እንኳ የንሰን እየተባለ ቀረ። አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ለሕፃኑ የአባቱን አባት ስም «የመጨረሻ ስም» አድርገው ሲያስመዘግቡ፣ ልጁም ያንኑ ለልጁ ሲያወርስ፣ ያ ስም ከዚያች ቀን ጀምሮ ረግቷል።