የሐዋሳን ግቢና የኮንዶሚኒየም ብሎክ የሚያነጻጽር ድርሰት እንዴት ይዋቀራል?

ዘመናዊውን የቤት ሐሳብ ከነባሩ የሰፈር አሠራር ጋር አነጻጽሩ ሲባል አብዛኛው ሰው ሁለት ድርሰት ጽፎ ያጣብቃል። ግማሹ ስለ አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚየርና ስለ ፎቅ ነው፣ ግማሹ ስለ ቡና፣ ስለ እድርና ስለ ጎረቤት። መጨረሻ ላይ «ሁለቱም ጥሩና መጥፎ ጎን አላቸው» ይባልና ያልቃል። እዚህ ውስጥ ምንም የተነጻጸረ ነገር የለም። ሐዋሳን ይዘን ይህን እንዴት ማስተካከል እንደሚቻል እንይ።

መጀመሪያ «ነባር» ያላችሁት ምን እንደሆነ ወስኑ

ሐዋሳ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ሌላ ከተማ ቢሆን ጠመዝማዛውን መንገድ «ባህላዊ»፣ ቀጥ ያለውን «ዘመናዊ» ብላችሁ ልታልፉ ትችሉ ይሆናል። ሐዋሳ ግን በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በፕላን የተቆረቆረች ከተማ ናት። መንገዶቿ ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ከገብርኤል ተነስቶ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ጎዳና ማየት ይበቃል። ስለዚህ መንገዱን ብቻ ካያችሁ «ነባሩ» ራሱ ዘመናዊ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ነባሩ አሠራር ያለው ከአጥሩ በስተጀርባ ነው። የቆርቆሮ በር ትከፍታላችሁ። ፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከኋላ ወይም ከጎን በመደዳ የተሠሩ ሰርቪስ ቤቶች፣ ጥግ ላይ ማድ ቤትና የጋራ ሽንት ቤት፣ መሐል ላይ ቧንቧ፣ የልብስ ገመድና ዛፍ። መንገዱን መንግሥት ቀየሰው፣ ግቢውን ግን ቤተሰቡ ቀስ በቀስ ሞላው፤ አንዱ ክፍል ልጅ ሲያድግ፣ ሌላው ዘመድ ሲመጣ፣ ሌላው ለኪራይ። ድርሰታችሁ ውስጥ «ነባር» የምትሉት ይህን አሠራር እንደሆነ መግቢያው ላይ በግልጽ ጻፉ።

የሲዳማን የቀርከሃ ቤትና የእንሰት ጓሮ ማስገባት የሚፈልግም አለ። ቆንጆ ነው፣ ግን የገጠር አሰፋፈር ነው። ሁዌላ ቱላ በኩል፣ ከተማውና ገጠሩ በሚገናኙበት፣ ከዚያ አሠራር ምን እንደተረፈ ሄዳችሁ ካያችሁ አስገቡት። ለጌጥ ብቻ ከሆነ ይቅር።

ቀጥሎ ከሞደርኒዝም አንድ ሐሳብ ብቻ ውሰዱ

«ሞደርኒዝም»፣ ማለትም ከላይ ዘመናዊ ያልነው የቤትና የከተማ አሠራር ሐሳብ፣ በጣም ሰፊ ነው። ስለዚህ የሚያዝ የሚጨበጥ ነገር ምረጡ። እኔ የምመክረው የአቴንስ ቻርተርን ነው። ሲያም የሚባለው የአርክቴክቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1928 ተመሠረተ፤ በ1933 ባደረገው ስብሰባ የተነሱትን ሐሳቦች ለ ኮርቡዚየር በ1943 በመጽሐፍ አወጣቸው። ፍሬ ነገሩ ከተማ አራት ሥራ አለው የሚል ነው፤ መኖሪያ፣ ሥራ፣ መዝናኛና መጓጓዣ። እነዚህ ይለያዩ፤ መኖሪያው ፎቅ ይሁንና መሬቱ ለፀሐይ፣ ለአየርና ለአረንጓዴ ይለቀቅ ነው የሚለው።

ሐሳቡን ስትገልጹ ምክንያቱንም ስጡት። ሰዎቹ ጎረቤት ጠልተው አይደለም። የሚያዩት ጨለማ፣ የተጨናነቀና በሽታ የሚመላለስበት የአውሮፓ የሠራተኛ ሰፈር ነበር። ይህን ሳትሉ ወደ ትችት ከገባችሁ አንባቢ አያምናችሁም።

አንድ ሕንፃ ጥቀሱ። ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ከተማ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የተጠናቀቀው የለ ኮርቡዚየር ሕንፃ 337 መኖሪያዎች አሉት፤ ሱቆቹ ፎቁ መሐል ላይ፣ የልጆች መዋያው ደግሞ ጣሪያው አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የጋራው ቦታ አልጠፋም፣ ከመሬት ተነስቶ ሕንፃው ውስጥ ገባ እንጂ። ድርሰታችሁን የሚያቆመው ይህ ነጥብ ነው።

የእኛ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም የዚህ ሐሳብ የሩቅ ዘመድ ነው። ሊፍት የለውም፣ ሱቁም መሬት ላይ ነው። «ለ ኮርቡዚየር የሠራው ዓይነት» ብላችሁ አትጻፉ።

አሁን ሁለቱንም የሚይዝ አንድ ጥያቄ አውጡ

ጥያቄያችሁ «የቱ ይሻላል?» ከሆነ ድርሰቱ የስሜት ይሆናል። ከላይ ካየነው ግን ጥያቄው ራሱ ይመጣል፤ የጋራው ቦታ የት ነው ያለው፣ የሚቆጣጠረውስ ማነው?

ዋና ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ደካማው ይህን ይመስላል፦ «ኮንዶሚኒየም ማኅበራዊ ሕይወትን ያጠፋል፣ ግቢ ግን ያቀራርባል።» ይህንን ማንም ይለዋል፣ ማንም ያፈርሰዋል። ጠንከር ያለው ደግሞ፦ «የሐዋሳ ግቢ የጋራ ቦታን በአንድ ባለቤት እጅ አድርጎ በየቀኑ ያሠራዋል፤ ብሎኩ ግን ቦታውን የሁሉም አድርጎ ኃላፊውን ሳይወስን ይተወዋል።» አሁን የምትሟገቱበት ነገር አገኛችሁ። ልክ ላይሆንም ይችላል፤ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ።

አካሉን በነጥብ እንጂ በወገን አትክፈሉ

ሦስት ነጥብ ይበቃል። በእያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ ግቢውም ብሎኩም ይግቡ። ለሐዋሳ እኔ የምይዛቸው እነዚህን ነው፤ እንጀራ የት ይጋገራል፣ ድንኳን የት ይተከላል፣ ቤቱ እንዴት ያድጋል። ተራ ይመስላሉ። ግን ሦስቱም ቦታ ይፈልጋሉ፣ ቦታ የሚፈልግ ነገር ደግሞ ፕላን ላይ ይታያል።

የመጀመሪያውን እንሥራው። አንቀጹን በሐሳቡ ጀምሩ፣ ግቢውን አሳዩ፣ ብሎኩን አሳዩ፣ ከዚያ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ተናገሩ። ለምሳሌ፦

«እንጀራ መጋገር ጭስ፣ ሙቀትና ሰፊ ምጣድ ያለው ሥራ ስለሆነ ከመኝታ ክፍል መራቅ ይፈልጋል። ግቢ ውስጥ ይህ ችግር በርቀት ተፈትቷል፤ ማድ ቤቱ ጥግ ላይ ነው፣ የሰርቪስ ተከራዮችም ተራ ይዘው ይጠቀሙበታል፣ ተራውን የምትወስነው የግቢው ባለቤት ናት። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙም ችግሩን ያውቅ ነበር፤ ከብሎኮቹ ጎን ለመጋገር፣ ለማረድና ለመሰብሰቢያ የሚሆን የጋራ ሕንፃ በዲዛይኑ ውስጥ አስገብቷል። ቦታው ተሰጥቷል ማለት ነው። ልዩነቱ ቁልፉን ማን እንደሚይዝና ውኃና መብራቱን ማን እንደሚከፍል ላይ ነው።»

ይህ አንቀጽ «ፎቅ ለእንጀራ አይሆንም» አይልም። እንዲያውም ፕላን አውጪዎቹ አስበውበት እንደነበር ያምናል፣ ከዚያ አልፎ ክርክሩን ወደ አስተዳደር ይወስደዋል። አንዱን ወገን ሞኝ አድርጎ የሚያነጻጽር ድርሰት ከጅምሩ ይወድቃል።

ለመረጃው በእግር ሂዱ። የጋራው ሕንፃ ክፍት ነው ወይስ ተቆልፏል? ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል? ከሰል ኮሪደር ላይ ይነዳል? ያያችሁትን ጻፉ፤ ያላያችሁትን «ሰዎች ይላሉ» ብላችሁ አትሙሉት።

ድንኳኑ አጭር ነው፣ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። ለቅሶ ሲኖር ግቢው ካልበቃ በሩ ፊት ያለው መንገድ ይያዛል፤ ብሎኮቹ ዘንድ መሐል ያለው ክፍት ቦታ አለ፣ ግን መኪና ማቆሚያም እሱ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቁጥር አስገቡ

«ከተማው እያደገ ስለሆነ ፎቅ ግድ ነው» የሚለው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ሳታሰሉ አትቀበሉት፣ ሳታሰሉም አትጣሉት። ለምሳሌ ያህል በያዝኳቸው ቁጥሮች አንድ ሄክታር እንውሰድ፤ 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ለመንገድ 30 በመቶ ብንተው 7,000 ይቀራል። ግቢው 200 ካሬ ከሆነ 35 ግቢ ይወጣል። በየግቢው ዋናው ቤትና አራት ሰርቪስ ካለ 5 አባወራ ነው፤ በጠቅላላው 175። በዚያው ሄክታር ላይ 6 ብሎክ ብትሠሩና እያንዳንዱ አምስት ወለል፣ በየወለሉ አራት ቤት ቢኖረው 120 አባወራ ይሆናል።

ፎቁ አነሰ! ግን እዚህ ላይ አትጨፍሩ። ሰርቪሱ አንድ ክፍል ነው፣ ሽንት ቤቱ የአምስት አባወራ ነው፣ የብሎኩ ቤት ግን ማብሰያና ሽንት ቤት የራሱ አለው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚያሳየው ግቢው ብዙ ሰው መያዙን ነው፣ በምን ሁኔታ እንደያዘ ግን አይናገርም። ሁለቱንም ጻፉ። ቁጥሮቼንም እንዳሉ አትገልብጡ፤ አንድ ሰፈር መርጣችሁ በሮችን ቁጠሩና በራሳችሁ ተኩ።

የእድገቱ ነገር የሚገባው እዚህ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየገጠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች ለሥራ መጡ፤ ብዙዎቹ በቡድን ሆነው የሚከራዩት እንዲህ ያለውን የግቢ ክፍል ነው። ግቢው በወራት ውስጥ አንድ ክፍል መጨመር ይችላል፤ ብሎኩ አይችልም፣ ተሠርቶ ያለቀ ነው። በሌላ በኩል ሽንት ቤቱና ቧንቧው ከክፍሉ ጋር እኩል አያድጉም። የዚህ አንቀጽ ጉልበት በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መሐል ያለው ግጭት ነው፣ አትሸፍኑት።

ተቃራኒውን ክርክር ስታስገቡ ከፕሩት አይጎ ተጠንቀቁ

ሞደርኒዝም መውደቁን ለማሳየት ሁሉም የሚጠቅሰው አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ የነበረውን ይህን መንደር ነው፤ ባለ 11 ፎቅ 33 ሕንፃዎች፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ተሠርተው ከ1972 ጀምሮ የፈረሱ። «ዲዛይኑ አፈረሰው» ማለት ይቀላል። ነገር ግን የጥገናው ወጪ ከነዋሪው ኪራይ እንዲሸፈን ነበር የታሰበው፣ ከተማው ደግሞ ሰው እየለቀቀው ነበር፤ ኪራዩ ሲቀንስ ሊፍቱም ቧንቧውም ተበላሽቶ ቀረ። ሐዋሳ ሰው የሚጎርፍባት ከተማ ናት። ስለዚህ ምሳሌውን ከተጠቀማችሁ ለጥገናው ነጥብ ተጠቀሙበት፣ እሱ ከዋና ሐሳባችሁ ጋር ይገጥማል።

በግቢው በኩልም እንዲሁ። ባለቤቷ ቁልፉን ስለያዘች ነገሩ ይሠራል ካላችሁ፣ ተከራዩ በባለቤቷ ፈቃድ ሥር መሆኑን፣ ማታ በር የሚዘጋበትን ሰዓት፣ ውኃ የሚቀዳበትን ቀን ራሷ እንደምትወስን መጻፍ አለባችሁ።

መደምደሚያውና የመጨረሻው ፍተሻ

መደምደሚያው ላይ ሦስቱን ነጥቦች አትድገሙ። ዋና ሐሳባችሁ ከየትኛው ነጥብ በኋላ እንደተቀየረ ተናገሩ። ለምሳሌ እንጀራው ላይ ግቢው በልጦ ንጽሕናው ላይ ብሎኩ ከበለጠ፣ «ብሎኩ የጎደለው ኃላፊ ነው፣ ግቢው የጎደለው ፍሳሽ ማስወገጃ ነው» ማለት ትችላላችሁ።

ከዚያ አንድ ፍተሻ። በእያንዳንዱ የአካል አንቀጽ ውስጥ «ግቢ» እና «ብሎክ» የሚሉትን ቃላት በእስክሪብቶ አክብቡ። አንዱ ብቻ የተከበበበት አንቀጽ ካለ ገለጻ ነው፣ ንጽጽር አይደለም። ሌላውን አስገቡበት ወይም አንቀጹን ወደ መግቢያው ውሰዱት። ሁለት የእጅ ንድፍም ጨምሩ፣ አንድ ግቢና አንድ ወለል በአንድ ልኬት የተሳሉ፤ ማድ ቤቱን፣ ቧንቧውንና ሽንት ቤቱን ምልክት አድርጉባቸው።