የተጨፈለቀና የረጠበ ካርቶን፦ በባሕር ጭነት ላይ መንስኤውን ከምልክቱ መለየት

ኮንቴይነሩ ሲከፈት የተጎዳ ካርቶን ከታየ ዕቃውን ለማውረድ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጉዳቱ ከላይ ነው ከታች፣ በአንድ ጎን ነው በሁሉም የሚለውን አይታችሁ ፎቶ አንሱ። መንስኤውን የሚያሳውቀው ቦታው ነው፤ ዕቃው አንዴ ከተበተነ ቀሪው ግምት ይሆናል።

ምልክት፦ የታችኛው ድርድር ማዕዘኖች ታጥፈው ወርደዋል

ብዙ ጊዜ ወቀሳው በካርቶን አምራቹ ላይ ይወድቃል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ስሌቱና አደራደሩ ላይ ነው።

400 በ300 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከነዕቃው 12 ኪሎ የሚመዝን ካርቶን በ8 ድርድር ፓሌት ላይ ተጭኗል እንበል። የታችኛው ካርቶን ሰባቱን ይሸከማል፤ ይህም 84 ኪሎ ነው። አምራቹ የሰጠው የመሸከም አቅም 300 ኪሎ ከሆነ ከበቂ በላይ ይመስላል። ይሁንና ያ ቁጥር የተገኘው ደረቅ በሆነ የሙከራ ክፍል፣ ለአጭር ጊዜ ተጭኖ ነው። አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 90 በመቶ ሲጠጋ ካርቶን የአቅሙን ግማሽ ያህል ያጣል፤ 150 ይቀራል። ጭነቱ ለአንድ ወር ሳይነሳ ሲቆይ ደግሞ ከቀረው 60 በመቶው ገደማ ብቻ ይዘልቃል፤ 90 ሆነ። ካርቶኖቹ እንደ ጡብ ግንብ ተጠላልፈው ከተደረደሩ የላይኛው ማዕዘን በታችኛው ጎን መሃል ላይ ያርፋል። የካርቶን ጉልበት ያለው ማዕዘኑ ላይ ስለሆነ ይህ አደራደር እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንሰው ይችላል። 45 ኪሎ የቀረው ካርቶን 84 ኪሎ ተሸክሞ ባሕር ላይ ይናጣል።

መፍትሄው ማዕዘንን በማዕዘን ላይ ማሳረፍ ነው። በ1200 በ1000 ፓሌት ላይ ይህ ካርቶን በአንድ ድርድር 10 ይገባል፦ አንድ መስመር 4 ካርቶን የ300 ጎናቸው በፓሌቱ የ1200 ጎን በኩል ሆኖ፣ ሁለት መስመሮች 3፣ 3 ካርቶን የ400 ጎናቸው በዚያው በኩል ሆኖ። ይኸው አቀማመጥ ሳይዞር እስከ ላይ ይደገማል። እንዲህ የተደረደረ ጭነት ስለማይያያዝ ለመንሸራተት ቀላል ነው፤ ስለዚህ በአራቱ ጠርዞች የማዕዘን መከላከያ ይቆም፣ በቀበቶ ይታሰር፣ መጠቅለያው ላስቲክም ፓሌቱን ራሱን ጨምሮ ይያዝ።

ለረጅም የባሕር ጉዞ የምንመክረው የካርቶኑ አቅም ከጭነቱ 5 እጥፍ እንዲሆን ነው። በዚህ ምሳሌ 420 ኪሎ የሚችል ካርቶን ይፈለጋል። ያ ውድ ከሆነ ድርድሩን ወደ 6 ዝቅ ማድረግ ነው፤ ያኔ ጭነቱ 60 ኪሎ ስለሚሆን የ300 ኪሎው ካርቶን ይበቃል።

የተጨፈለቀው በአንዱ ጎን ያለው ብቻ ከሆነ ካርቶኑ ከፓሌቱ ጠርዝ ወጥቶ እንደሆነ ለኩ። 25 ሚሊ ሜትር መውጣት ብቻውን የአቅሙን ሲሶ ያህል ይወስዳል። እዚህ ላይ ወፍራም ካርቶን መግዛት ትርፉ ወጪ ነው፤ የሚስተካከለው የካርቶኑ ወይም የፓሌቱ ልክ ነው።

ምልክት፦ የላይኛው ድርድር በጠብታ ረጥቧል፣ ጣሪያው ላይም የውሃ ዱካ አለ

ቀን የሞቀው አየር እርጥበት ይይዛል፤ ሌሊት የብረቱ ጣሪያ ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት ወደ ውሃ ተለውጦ ይንጠባጠባል። ውሃው ከውጭ የገባ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ አብሮ የተጫነ ነው፣ በተለይም በፓሌቱ እንጨት ውስጥ። ሲደርቅ 20 ኪሎ የሚሆን ፓሌት እርጥበቱ 30 በመቶ ከሆነ 6 ሊትር ውሃ ይዟል፤ 18 በመቶ ቢሆን ግን 3.6 ሊትር። በ10 ፓሌት ልዩነቱ 24 ሊትር ነው።

ፓሌቱ ላይ ያለው የሙቀት ሕክምና ማህተም እዚህ ያሳስታል። ማህተሙ የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ መሞቁን፣ ማለትም ተባይ መገደሉን እንጂ መድረቁን አያረጋግጥም። በእንጨት እርጥበት መለኪያ ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ፓሌቶችን ውጉ፤ ከ20 በመቶ በላይ ያነበበውን አትጫኑ። እርጥበት መጣጭ ከረጢት በጎን ግድግዳዎቹ ላይ መስቀል ይረዳል፤ እርጥብ ፓሌት ያመጣውን ውሃ ሁሉ እንዲጠጣ ግን አይጠበቅ። ከረጢቶቹ የሚከፈቱት በሩ ሊዘጋ ሲል ነው፤ ቀድመው ከተከፈቱ የመጫኛውን ግቢ አየር ሲመጥጡ አቅማቸው ያልቃል።

ምልክት፦ አንድ ቦታ ብቻ ረጥቧል፣ ነጭ ዱካም ይታያል

ይህ ቀዳዳ ነው። በእርጥቡ ቦታ ላይ የብር ናይትሬት መፍትሄ ጠብ ሲደረግ እንደ ወተት ከነጣ ጨው አለ፤ የባሕር ውሃ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ለሚቀጥለው ጭነት ባዶው ኮንቴይነር ውስጥ አንድ ሰው ገብቶ በሩ ይዘጋበት፤ ውጭም ሌላ ሰው በሩ ላይ ይቁም። ብርሃን የሚያስገባ ኮንቴይነር ውሃም ያስገባልና ሳይጫን ይመለስ። የበሩ ጎማ መሰንጠቁንም በእጅ እየዳሰሱ ማየት ያስፈልጋል፤ ያረጀ ጎማ ብርሃን ባያሳልፍም ማዕበል ሲመታው ውሃ ሊያሳልፍ ይችላል።